«ሙሉ ውክልና» ቤት ያሸጣል? ቀብድ ከመክፈሌ በፊት የጠየቅኩትና የመጡልኝ ምላሾች

ሰላም ለሁላችሁ። ልደታ ኮንዶሚኒየም ባለ 2 መኝታ ቤት አግኝቻለሁ። ባለቤቷ ጀርመን ነው የምትኖረው። ቤቱን የሚሸጥልኝ ወንድሟ ነው፤ ውክልና ይዟል። ውክልናው ነሐሴ 2009 እዚያው በኤምባሲ የተሰጠ ነው። ከጀርባው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማህተም አለበት፤ ውልና ማስረጃም ተመዝግቧል። ወረቀቱ እውነተኛ መሆኑን አልጠራጠርም። የከበደኝ ውስጡ የተጻፈው ነው። እንዲህ ይላል፦

«በስሜ የተመዘገበውን የኮንዶሚኒየም ቤት እንዲያስተዳድርልኝ፣ እንዲጠብቅልኝ፣ እንዲያከራይልኝና ኪራይ እንዲቀበልልኝ፣ ግብርና ልዩ ልዩ ክፍያዎችን እንዲከፍልልኝ፣ ቤቱን በሚመለከት ከማንኛውም መሥሪያ ቤት ጋር እንዲጻጻፍልኝ፣ ማናቸውንም ውል በስሜ እንዲዋዋልና እንዲፈርም፣ በአጠቃላይ እኔ ብገኝ ኖሮ የምሠራውን ሁሉ እንዲሠራልኝ ሙሉ ውክልና ሰጥቼዋለሁ።»

ጥያቄዬ ሁለት ነው። በዚህ ወረቀት ቤቱን ሊሸጥልኝ ይችላል ወይ? ደግሞስ ማብቂያ ቀን አልተጻፈበትም፤ ይህን ያህል ዓመት ቆይቶ አሁንም ይሠራል? ደላላው ነገውኑ 300 ሺህ ብር ቀብድ እንድሰጥ እየጎተጎተኝ ነው። ገንዘቡ የእኔና የባለቤቴ የዓመታት ቁጠባ ነው። እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

የምላሾቹ ክር ካሰብኩት በላይ ረዘመ። ኋላ ለሚመጣ ሰው እንዲቀልለት ምላሾቹን በየቁጥራቸው እዚህ ሰብስቤያለሁ። የሰዎቹን ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፤ የገባኝን በራሴ አነጋገር ነው የጻፍኩት።

ምላሽ 1። የመጀመሪያው ሰው በጣም ትሁት ነበር። እንኳን ደስ ያለሽ ብሎ ነው የጀመረው። በእሱ አስተያየት «ሙሉ ውክልና» እና «የምሠራውን ሁሉ» የሚሉት ቃላት ካሉ ሌላ ነገር መፈለግ አያስፈልግም። ባለቤቷ ብትመጣ መሸጥ ስለምትችል ወንድሟም ይችላል ባይ ነው። እሱ ራሱ መኪናውን የገዛው ከተወካይ ላይ እንደሆነና ምንም ችግር እንዳልገጠመው ጽፏል። እውነቱን ለመናገር ይህን ሳነብ ልቤ አረፈ። መስማት የፈለግኩት እሱን ነበር።

ምላሽ 2። አንዲት እህት ደግሞ ሽያጩን ትታ በጊዜው ላይ አተኮረች። ውክልና ከ2 ዓመት በኋላ ይሞታል ብላ ነው የምታምነው። ምክንያቷም የራሷ ገጠመኝ ነው፤ የእህቷን ውክልና ይዛ ባንክ ስትሄድ ወረቀቱ ቆይቷልና አዲስ አምጪ ተብላለች።

ምላሽ 3። ከዚያ ጡረታ የወጡ አንድ አባት ገቡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰነድ ሲያነቡ እንደኖሩ ነገሩን። በኋላ ሁሉም ጋሼ እያሉ ነው የመለሱላቸው፤ እኔም እንደዚያው እጠራቸዋለሁ። የጻፉት ረጅም ነበር፤ ዋናውን ላስፍረው።

ጋሼ እንደሚሉት «ሙሉ» የሚለው ቃል ራሱ ምንም ሥልጣን አይጨምርም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለዚህ ጉዳይ ግልጽ ነው። በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ለተወካዩ የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚፈቅድለት፤ ይህ ቁጥር 2203 ላይ አለ። ቀጥሎ ያለው 2204 የአስተዳደር ሥራ የሚባሉትን ይዘረዝራል። ንብረትን መጠበቅና ማደስ፣ ከ3 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ ገቢና ዕዳ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል የመሳሰሉት ናቸው። ከዚያ የወጣ ነገር ሁሉ ልዩ ሥልጣን ይፈልጋል። ቁጥር 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥንና በመያዣ መስጠትን በስም ጠርቶ ያለ ልዩ ሥልጣን አይቻልም ይላል። ቤት ደግሞ ዋናው የማይንቀሳቀስ ንብረት ነው።

«ማናቸውንም ውል» የሚለውስ? ብዬ ጠይቄአቸው ነበር። ውክልና ሲተረጎም በጠባቡ ነው አሉ፤ ይህም እዚያው ሕግ ውስጥ አለ። ከፊቱ ማከራየትና ግብር መክፈል ከተጻፈ «ማናቸውንም ውል» የሚለው ሐረግ ለዚያው የሚያስፈልጉትን ውሎች እንጂ ሌላ ነገር ይዞ አይመጣም። የኪራይ ውል፣ የጥገና ውል፣ የጥበቃ ውል። ሽያጭ ግን ባለቤቷን ቤት አልባ የሚያደርግ ነገር ስለሆነ በማሳረጊያ ሐረግ ሊገባ አይችልም።

ከዚያ አንድ ሥራ ሰጡኝ። ውክልናውን ኮፒ አድርጌ በእስክሪብቶ ግሦቹን ብቻ እንዳሰምር፣ ከዚያም አንድ በአንድ በየመስመሩ እንድጽፋቸው። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ የማብሰያ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ሠራሁት። እንዲያስተዳድር። እንዲጠብቅ። እንዲያከራይ። እንዲቀበል። እንዲከፍል። እንዲጻጻፍ። እንዲዋዋል። እንዲፈርም። እንዲሠራ። ዘጠኝ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ስድስቱ የቤት አስተዳደር ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ብቻቸውን ምንም አይሉም፤ ምን ይዋዋል፣ ምን ይፈርም፣ ምን ይሥራ የሚለውን ከፊታቸው ካሉት ነው የሚያገኙት። «እንዲሸጥ» የሚል የለም። ያን ወረቀት አስር ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ «ሙሉ» የሚለውን ስፈልግ ግን የጎደለውን አላየሁም ነበር።

ምላሽ 4። ይህኛው ወንድም ጥያቄዬን ያነበበው አልመሰለኝም። የራሱን ጉዳይ ይዞ መጣ። እናቱ ጠቅላላ ውክልና ሰጥታው የጎረቤት የአጥር ክርክር ይዞ ፍርድ ቤት ሄደ። እዚያ ሲደርስ ውክልናው ክስ የማቅረብ ሥልጣን የለበትም ተብሎ ተመለሰ። እናቱ በሕመም ላይ ሆና እንደገና ተሸክሞ ወስዶ ማስፈረም ነበረበት። ተማሮ ነው የጻፈው፤ ደግሞም አይፈረድበትም።

ጋሼ ግን የእሱ ታሪክ ለእኔ ጥያቄ መልስ መሆኑን አሳዩን። መክሰስና መከሰስ ከቤት መሸጥ ጋር እዚያው 2205 ውስጥ ነው የተቀመጠው። መታረቅና ስጦታ መስጠትም እንዲሁ። ስለዚህ የእሱን ወረቀት የመለሰው ምክንያትና የእኔን ሻጭ የሚመልሰው አንድ ነው።

ምላሽ 5። እዚህ ላይ የክሩ አየር ተለወጠ። የገባው ሰው ደላላ ነኝ አላለም፤ አነጋገሩ ግን ገበያውን የሚያውቅ ነው። ሰው በውክልና ሲሸጥና ሲገዛ ነው የኖረው፣ ሕግ ጠቃሾች ገበያ ያበላሻሉ ብሎ ጋሼን በስም ሳይጠራ ነካቸው። የእሱ ክርክር ቀላል ነው። ሽያጩ መጨረሻ ላይ ውልና ማስረጃ ይቀርባል። እዚያ ያለው ባለሙያ ወረቀቱን ያያል፤ ካልሆነ ይመልሰዋል። ታዲያ ገዢዋ ምን አስጨነቃት? ቀብዷን ትስጥና ቤቷን ትያዝ።

ጋሼ በቁጣ አልመለሱም፤ ግን ቃላቸው ጠነከረ። ቀብድ የሚሰጠው ውልና ማስረጃ ከመድረሱ በፊት ነው። ባለሙያው ወረቀቱን በሚመልስበት ቀን 300 ሺህ ብሩ ኪስ ቀይሯል። ሕጉ ቀብድ ተቀባይ ውሉን ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል ይላል፤ ብዙ ሰው የሚጽናናውም በዚያ ነው። ነገር ግን ይህ የሚጠቅመው ከሚመልስ ሰው ጋር ስትዋዋል ነው። ወንድሟ ያልተሰጠውን ሥልጣን ተጠቅሞ ቢፈርም እህቱ አልፈቀድኩም ብላ መቃወም ትችላለች። ያኔ ቤቱን ከእሷ መጠየቅ አይቻልም። የሚቀረው ወንድሟን ገንዘቤን አምጣ ማለት ነው። በእርግጥ እሷ ሰምታ የሠራውን ላጽድቀው ብትል ውሉ ይጸናል። ያን ደግሞ በጽሑፍ ሳያገኙ መክፈል ተስፋን መግዛት ነው ብለዋል።

5ኛው ሰው ተመልሶ መጥቶ ይህ ሁሉ ወሬ ቤቱን ለሌላ ገዢ አሳልፎ መስጠት ነው አለ። ሌላ ሰው ደግሞ ገንዘቡ የአንተ ቢሆን እንዲህ አትልም ብሎ መለሰለት። ከዚያ ጥቂት መስመር የስድብ ምልልስ አለ፤ እሱን እዘለዋለሁ።

ምላሽ 6። ይህቺ እህት የጻፈችውን ሳነብ ዝም ብዬ ቆየሁ። አባቷ ውጭ አገር ሳሉ ነው ያረፉት። ለአጎቷ የሰጡት ውክልና እሳቸው ከሞቱ በኋላ ለወራት በሥራ ላይ ነበር። አጎቷ ክፋት አልነበረውም፤ ወረቀቱ እስካለ ሥልጣኑም አለ ብሎ ነው ያሰበው። ኪራይ መቀበሉ ላይ ማንም አልተናገረውም። የአባቷን መኪና ሲሸጥ ግን ቤተሰቡ ተከፋፈለ። ውክልና ከወካዩ ጋር እንደሚሞት ያወቁት በዚያ ነው። እስካሁን ከአጎቷ ጋር አይነጋገሩም።

ጋሼ አረጋገጡላት። ሌላ ስምምነት ከሌለ ወካዩ ሲሞት ወይም ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ያበቃል። ተወካዩ ሲሞትም እንደዚያው፤ ልጁ አይወርሰውም። ተወካዩ ወራሾቹ ራሳቸው መረከብ እስኪችሉ ድረስ ንብረቱን እየጠበቀ መቆየት አለበት፤ ይህ ግን ሽያጭን አይጨምርም። ለ2ኛዋ እህትም እዚሁ መለሱላት። ሕጉ ውክልና በ2 ዓመት ይሞታል አይልም። ወረቀቱ ላይ ቀን ከተጻፈ በዚያ ቀን ያበቃል፤ የተሰጠበት ጉዳይ ካለቀም ያበቃል፤ ካልሆነ ግን ዕድሜ ብቻውን አይገድለውም። ባንኩ አዲስ የጠየቃት ወካይዋ እህቷ በሕይወት መኖሯንና ሐሳቧን አለመቀየሯን ማወቅ ስለፈለገ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እሷ ምክንያቱን ሳተች እንጂ ጥንቃቄው ልክ ነው። እኔም ጥያቄዬን እንድቀይር መከሩኝ። ወረቀቱ ስንት ዓመቱ ነው ማለት ሳይሆን፣ ሰጪዋ ዛሬ አለች ወይ፣ አልሻረችውም ወይ ማለት።

አንድ ሰው ተወካዩም ገዢውም መሞቱን ሳያውቁ ቢፈራረሙስ ብሎ ጠየቀ። ሦስት ሰዎች ሦስት የተለያየ ነገር ተናገሩ። ጋሼ እያንዳንዱ ጉዳይ በማስረጃው ነው የሚታየው ብለው አለፉት። ይህ ጥያቄ እንደተንጠለጠለ ነው።

ምላሽ 7። ኮንዶሚኒየም የሚለውን ቃል ሲያይ የገባ ሰው ነው። አክስቱ ዕጣ ከደረሰው ሰው ላይ 5 ዓመቱ ሳይሞላ ገዝታ ነበር። መሸጥ ስለማይቻል ሻጩ ውክልና ሰጣት፤ «የማይሻር» ተብሎ ተጽፎበታል። ብሩን ከፍላ ገባች። 4ኛው ዓመት ላይ ሻጩ አረፈ። አሁን ከልጆቹ ጋር ፍርድ ቤት ናት። ወረቀቱ ላይ «የማይሻር» የሚለው ቃል ለምን አላዳናት? ነው ጥያቄው።

ጋሼ በሐዘኔታ ነው የመለሱት። ወካይ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን መሻር ወይም መቀነስ ይችላል። ይህን መብት የሚከለክል ቃል ቢጻፍም ዋጋ የለውም፤ ቁጥር 2183ን ጠቅሰዋል። ሞትን ደግሞ «የማይሻር» የሚለው ቃል አይመለከተውም። ለአክስቱ ጠበቃ እንዲይዙ መከሩት፤ ከፍላ ስለገባች የምትከራከርበት ሌላ መንገድ ይኖር ይሆናል ብለው ተስፋ ሳያስቆርጡት ተዉት።

ምላሽ 8። አንድ ሰው ስለ ካሳንቺስ መፍረስ መጻፍ ጀመረ። ወረቀት የሚጽፉልን፣ ኮፒ የሚያደርጉልን፣ ሻይ የሚያፈሉልን ሰዎች የት እንደገቡ ጠየቀ። ብዙ ሰው መለሰለት። ከጉዳዩ ወጣ ቢልም ማንበብ የሚወድ ሊያነበው ይገባል።

ምላሽ 9። ከስዊድን የጻፈች እህት የወካዮችን ወገን አመጣች። ለዘመዷ የሰጠችውን ውክልና ሽራለች። የመሻሪያውን ወረቀት ኤምባሲ ሄዳ ፈረመች፤ ጉዳዩ ያለቀ መሰላት። ግን ዘመዷ ዋናውን ውክልና በእጁ ይዞ ነበር። መሻሪያው አዲስ አበባ ደርሶ እስኪመዘገብ ድረስ ለሚያየው ሰው ሁሉ ወረቀቱ ሕያው ነው የሚመስለው። ዘመዷ ምንም አልሠራበትም፤ እሷ ግን እንቅልፍ አጥታ ነበር። ለወካዮች የምትመክረው መሻሪያውን ለተወካዩ በጽሑፍ እንዲያሳውቁና ዋናውን ወረቀት እንዲቀበሉት ነው። ጋሼ ሥልጣኑ ያበቃ ተወካይ ሰነዱን መመለስ ግዴታው ነው ብለው ደገፏት። ለእኔ ደግሞ የሰነዱን ቁጥርና ቀን ይዤ የተመዘገበበት ቅርንጫፍ ሄጄ መሻሪያ ገብቶ እንደሆነ እንድጠይቅ ነገሩኝ።

ምላሽ 10። አጭር ናት፤ ግን ከሁሉም በላይ ያስደነገጠችኝ እሷ ናት። ጸሐፊዋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። የቤቱ ባለቤት አግብታለች ወይ? በ1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ የባልና ሚስት የጋራ የሆነ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዳይሸጥ ይላል። ስለዚህ ቤቱ የጋራ ከሆነ የሚስት ውክልና ብቻውን ግማሽ ነው። ወረቀቴን ገልጬ አየሁት። «ወካይ» በሚለው ቦታ አንድ ስም ብቻ ነው ያለው።

ምላሽ 11። 1ኛው ሰው ተመለሰ። መኪናውን የገዛበትን ውክልና ቤቱ ፈልጎ አግኝቶታል። «ለመሸጥ፣ የሽያጩን ገንዘብ ለመቀበል፣ ስም ለማዛወር» ተብሎ በግልጽ ተጽፎበታል። እሱ ያስታወሰው ላዩ ላይ ያለውን «ሙሉ ውክልና» የሚለውን ርዕስ ብቻ ነበር። ሳያረጋግጥ መምከሩ እንደቆጨው ጽፎ ይቅርታ ጠየቀኝ። አመሰግነዋለሁ፤ ተመልሶ ማየቱ ትልቅ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ጋሼና ሌላ ጠበቃ የሆነ ሰው ተከራከሩ። ውክልናው «ለመሸጥ» ብቻ ቢልና ገንዘብ መቀበልን ባይጠቅስ ተወካዩ ዋጋውን መቀበል ይችላል? ጠበቃው ልዩ ውክልና ከተሰጠበት ጉዳይ ጋር በተፈጥሮው የሚከተለውን ይጨምራል፣ ያለ ዋጋ ሽያጭ የለም ይላል። ጋሼ በዚህ አይቃወሙትም፤ ግን በጠባቡ ይተርጎም በሚባል ወረቀት ላይ ገዢ ለምን ክርክር ውስጥ ይገባል ይላሉ። አልተስማሙም። ሁለቱም ግን አዲስ የሚጻፍ ውክልና መሸጥን፣ ገንዘብ መቀበልንና ስም ማዛወርን በግልጽ ይጥቀስ በሚለው ላይ አንድ ናቸው።

ምላሽ 12፣ የእኔው። አንዳንዶቻችሁ ምን ሆነ ስላላችሁ ልንገራችሁ። ቅርንጫፉ ሄጄ ጠየቅኩ፤ መሻሪያ አልተመዘገበም። ለሻጩ ዘጠኙን ግሦች የጻፍኩበትን ወረቀት አሳየሁት። ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። ቁጭ ብሎ አነበበው፤ ከዚያ ለእህቱ እዚያው ፊት ለፊቴ በቪዲዮ ደወለላት። ደህና ናት። ቤቱ እንዲሸጥ እንደምትፈልግ ራሷ ነገረችኝ፤ ውክልናው ሲጻፍ ግን ለማከራየት ብቻ እንዳሰበች አልደበቀችም። አግብታለች። ቤቱ ከጋብቻው በፊት የእሷ ነበር ወይስ በኋላ የመጣ የሚለው ላይ ባሏና እሷ አንድ ዓይነት መልስ አልሰጡኝም። ስለዚህ ሁለቱም አብረው ኤምባሲ ሄደው እንዲፈርሙ ተስማምተናል። ቃሉን ጋሼ አርመውልኛል፤ የቤቱ ቁጥር፣ መሸጥ፣ ገንዘብ መቀበል፣ ውልና ማስረጃ ቀርቦ መፈረም፣ ስም ማዛወር፣ እያንዳንዱ በራሱ ቃል ተጽፏል።

ቀብዱን አልከፈልኩም። ደላላው ስልኬን ማንሳት ትቷል። ሻጩ ግን ወረቀቱ እስኪመጣ ድረስ ለሌላ አላሳይም ብሎኛል፤ ትናንት ማታም ባሏ ለኤምባሲው ቀጠሮ እንደያዘ በቴሌግራም ጻፈልኝ።